ጉዳዩ፦ ለ2018 የቡና ወቅት የማስታወቂያ ክፍያችንን ስለማሻሻል

ጅማ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ከድር፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?

ባለፈው ሱቅ ስመጣ «የመጪውን ወቅት እንዴት እናድርገው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በቆምኩበት መመለስ አልፈለግሁም። ቁጥሮቹን ሰብስቤ በጽሑፍ ላምጣልዎት ብዬ ነው እስካሁን የዘገየሁት።

ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ወቅት የሱቅዎን የቡና ማድረቂያ ዕቃ ለማስተዋውቅበት ለአንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ 7,000 ብር ይከፍሉኝ ነበር። ለመጪው ወቅት 13,000 ብር እንዲሆንልኝ እጠይቃለሁ። ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምክንያቴን ረጋ ብለው ይዩልኝ።

ኑሮ ተወደደ ብዬ አልመጣሁም። እርግጥ ውላችንን የተፈራረምነው ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ የሽቦና የሸራ ዋጋ የት እንደደረሰ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ግን የእኔ ወጪ የእርስዎ ዕዳ አይደለም። ማስታወቂያው ገዢ ካላመጣልዎት 7,000ውም ብዙ ነው። እንግዲህ ምን አመጣ የሚለውን እንይ።

ከሱቁ ደብተር ልጀምር። ለቪዲዮዎቹ ብቻ የሚያገለግል ስልክ ቁጥር እንዲከፈት ያኔ ስለምንዎት ትንሽ አንገራግረው ነበር። አሁን ግን ከሁሉም በላይ የረዳን እሱ ነው። ያ ቁጥር ከእኔ ቪዲዮ ውጪ የትም አልተጻፈም። ሱቅ ያለችው ልጅ እያንዳንዱን ጥሪ መዝግባለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ ቆጥሬዋለሁ። ከጥቅምት እስከ የካቲት 412 ሰው ደወለ። ከእነዚህ ውስጥ 183ቱ መጥተው ገዙ። ደብተሩ ላይ ያለው የሽያጭ ድምር 1,720,200 ብር ነው፤ በአንድ ገዢ ሲካፈል 9,400 ብር ይደርሳል።

ለአሥሩ ቪዲዮዎች የከፈሉኝ 70,000 ብር ነው። አንድ ገዢ ለማምጣት 382 ብር ገደማ አወጡ ማለት ነው። በአዲሱ ዋጋ ገዢው ባይጨምር እንኳ 710 ብር ይሆናል። አንድ ገዢ በአማካይ 9,400 ብር ትቶ ሲሄድ ይህ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ትርፍዎን የሚያውቁት እርስዎ ይፍረዱ። እኔ ያዋጣል ብዬ ነው የምጠይቀው። ቪዲዮ አይተው ሳይደውሉ በቀጥታ ሱቅ የመጡትን ደግሞ ከዚህ ውስጥ አላስገባሁም። መኖራቸውን ሁለታችንም እናውቃለን፤ የተመዘገበ ነገር ስለሌለኝ ግን በእነሱ ዋጋ አልጠይቅም።

አሁን ወደ ተመልካቾቼ። ስንጀምር ዩቲዩብ ላይ 8,400 ተከታይ ነበረኝ፤ ዛሬ 31,200 ደርሷል። ይህ ቁጥር ደስ ይላል፤ ሆኖም ብዙ አይመኩበት። ተከታይ ሁሉ አያይም። የሚሻለው እያንዳንዱ ቪዲዮ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታየ ማየት ነው። አሥሩን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሬ ላቅርብልዎት፦ 5,200፣ 6,800፣ 7,900፣ 8,800፣ 9,400፣ 9,800፣ 12,100፣ 15,000፣ 18,000 እና 41,000። አማካዩ 13,400 ይመጣል። ግን ያንን ቁጥር አልጠቀምም፤ ከፍ ያደረገው 41,000 የታየው አንዱ ቪዲዮ ነው። መሀል ላይ የሚውለው 9,600 ነው። ከእኔ የሚጠብቁት ይህን ይሁን። ከውላችን በፊት ይኸው መሀለኛ ቁጥር 3,100 ነበር።

ቲክቶክ ላይ ስለ ጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ የሠራሁት አጭር ቪዲዮ 310,000 ጊዜ ታይቷል። ሰዎች እሱን ለስፖንሰር አሳዪ ይሉኛል። እኔ ግን ከዚህ ሒሳብ አውጥቼዋለሁ። በርጩማ ያየ ሰው የቡና ማድረቂያ ሽቦ አይገዛም።

ከእይታ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሰው እስከ የት ድረስ አየ የሚለው ነው። ቪዲዮዎቼ በአማካይ 11 ደቂቃ ናቸው። ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይቆያል። የእርስዎ ዕቃ የሚታየው 4ኛው ደቂቃ ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ከከፈቱት 100 ሰዎች 58ቱ አሁንም እያዩ ነው። በመሀለኛው ቪዲዮ ሲሰላ ወደ 5,500 እይታ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቪዲዮዎች ማስታወቂያውን መግቢያው ላይ አድርጌ ከወረቀት አነበብኩት። ሰው ወዲያው አሳልፎት ሄደ፤ ግራፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሦስተኛው ጀምሮ ማንበቡን ትቼ ሥራውን አሳየሁ። የቡና ማድረቂያ አልጋውን ከመሬት ከፍ አድርገን ሽቦውን ስንወጥር፣ እሸቱን በስሱ ስንዘረጋ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሸራ ስንሸፍን። ያን ጊዜ ሰው መሸሹን አቆመ፤ ማስታወቂያው ራሱ ትምህርት ሆነ።

ይህን አጥብቄ የምነግርዎት ለሥራው ስለማስብ ነው። የጅማ ቡና ስንት ዘመን «አፈር አፈር ይላል» ሲባል ኖሯል። ዛፉ ምን በደለ? መሬት ላይ እየተሰጣ ነው ስሙ የጠፋው። ገበሬው ጀንፈሉን አልጋ ላይ አድርቆ እርጥበቱን ወደ 11 ወይም 12 በመቶ ካወረደ ያ ጣዕም አይኖርም። እኔ ቪዲዮ የምሠራው ለዚህ ነው፤ እርስዎም የሚሸጡት ለዚህ የሚያስፈልገውን ዕቃ ነው። ተመልካቹ ይህ መጣጣማችን ይገባዋል። ከ846 አስተያየቶች ውስጥ 290ዎቹ ስለ ዋጋ፣ ስለ አድራሻ ወይም ስለ አጠቃቀም የሚጠይቁ ናቸው። አንድ የጌራ ገበሬ አልጋውን ስንት ሜትር ልሥራው፣ ሽቦው እንዳይረግብ መሀሉን በምን ልደግፈው ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ጠየቀኝ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሊገዛ የተነሳ ሰው ነው።

ተመልካቾቼ የት እንዳሉም ላስረዳ። ዩቲዩብ 74 በመቶው ኢትዮጵያ ውስጥ እንደሆነ ያሳየኛል። ወረዳውን ግን አይነግረኝም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ጠየቅኩ። ከ6,300 አባላት 1,140 መለሱ። 61 በመቶው ከጅማ ዞን ነው፤ አብዛኛው ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙና ከሰቃ ጨቆርሳ። 14 በመቶው ከኢሉባቦርና ከቡኖ በደሌ፣ 11 በመቶው ከካፋ፣ የቀረው 14 በመቶ ከሌላ ቦታ ነው። የመለሱት ፈቃደኞቹ ብቻ ስለሆኑ ልክ በልክ አይውሰዱት። ቢሆንም ከደብተሩ ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ ልጅቷ ቦታ በጻፈችባቸው ገጾች ላይም ብዙዎቹ ደዋዮች ከዚያው ከጅማ ዞን፣ ከአጋሮ መስመር ናቸው። ዩቲዩብ ከመቶ 71ዱ ወንዶች ናቸው ይላል። ይህን በሙሉ አላምነውም። ገጠር አንድ ስልክ ለመላው ቤት ነው። አካውንቱ የባል ነው፤ ቡናውን አልጋ ላይ የምታገላብጠው ግን ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። አብረው ያያሉ።

ያልተሳካውን ደግሞ ልደብቅዎት አልችልም። የእርጥበት መለኪያው ቪዲዮ 7,900 ጊዜ ታየ፤ የመጣው ግን 3 ጥሪ ብቻ ነው፤ አንድም ሰው አልገዛም። ጥፋቱ የእኔም ነው። ዋጋው ለአንድ ገበሬ ከባድ መሆኑን እያወቅኩ ለአንድ ገበሬ እንደሚሸጥ አድርጌ አቀረብኩት። በመጪው ወቅት ለማኅበራትና ለሰብሳቢዎች ብለን እንሥራው። አንድ መለኪያ በውሰት ይስጡኝ፤ ሰብሳቢው ቤት ወስጄ ጆንያው ውስጥ ከትቼ ልለካ። ሰው ቁጥሩን በዓይኑ ሲያይ ይለያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ጥር አንድ የአረም መድኃኒት ሻጭ ለአንድ ቪዲዮ ከእርስዎ ክፍያ በላይ አቅርቦልኝ ነበር። ጠርሙሱ ላይ የአጠቃቀም መመሪያ አልነበረበትም። እምቢ አልኩ። ገበሬው እኔ ያሳየሁትን ዕቃ ሳያቅማማ የሚገዛው እንዲህ ያለውን ስለማላሳየው ነው። ጋሽ ከድር፣ ከእኔ የሚገዙት ይህን እምነት ጭምር ነው። ለአንድ ቀን ገንዘብ ብዬ አላበላሸውም።

በአዲሱ ክፍያ ምን ያገኛሉ? ከመስከረም እስከ ጥር በወር ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አሥር ቪዲዮ። እያንዳንዱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለየብቻ ይቀረጻል። ባለፈው ወቅት በአማርኛ ብቻ ነበር የሠራሁት፤ ቴሌግራም ላይ ተደጋግሞ የተነሳው ቅሬታም ይኸው ነው። ትርጉም ከሥር መጻፍ አይበቃም፤ ማንበብ የማይችል አዛውንት በጆሮው መስማት አለበት። ስለዚህ ሥራው እጥፍ ሆኗል። ከያንዳንዱ ቪዲዮ አንድ አጭር ቁራጭ ለቲክቶክ፣ አንድ ማስታወሻ ለቴሌግራም ይወጣል። በእነዚህ አምስት ወራት የሌላ ሱቅ የቡና ዕቃ አላስተዋውቅም። በየወሩ መጨረሻ የዩቲዩብ ስቱዲዮ ስክሪንሹት እልክልዎታለሁ፤ ጥሩውንም መጥፎውንም።

ከእርስዎ የምፈልገው የክፍያው ግማሽ መስከረም ላይ፣ ግማሹ ኅዳር መጨረሻ ላይ እንዲሆን ነው። ደብተሩ ላይም የደዋዩ ወረዳ ሁልጊዜ ይጻፍልኝ።

13,000ው በአንድ ጊዜ ከከበደዎት ሌላ መንገድ አስቤያለሁ። ለአንድ ቪዲዮ 10,000 ብር ቋሚ ይክፈሉኝ፤ በዚያ ቁጥር ደውሎ ለገዛ ለያንዳንዱ ሰው ደግሞ 150 ብር ይጨመር። እንደ ባለፈው ወቅት 183 ሰው ከመጣ ጠቅላላው 127,450 ብር ይሆናል። ገዢ ካነሰ የእኔም ክፍያ ያንሳል። ይህን ስጠይቅ በሥራዬ ተማምኜ ነው። ከ10,000 በታች ግን ሁለቱን ቋንቋ ልሠራው አልችልም፤ ገጠር ለቀረጻ የምወጣበት ትራንስፖርትና የካሜራ ልጁ ክፍያ አይሸፈኑም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሱቅ እመጣለሁ። ስልኬን ይዤ እመጣለሁ፤ እዚህ የጻፍኩትን የዩቲዩብና የቴሌግራም ቁጥር ሁሉ ከስክሪኑ ላይ ራስዎ ያዩታል። ልጅቷም ደብተሩን ይዛ ብትቀመጥ ደስ ይለኛል። ሐሙስ ካልተመቸዎት ቅዳሜ ጠዋትም እችላለሁ፤ ደውለው ይንገሩኝ።

አክባሪዎ፣
ሰላማዊት