ርዕስ፦ ስለ ማክሰኞው የስልክ ውይይት ምስጋና፣ የተስማማንባቸው ጉዳዮች እና የኅዳር 11 ቀጠሮ

ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ትዕግሥት፣

ትናንት ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን በስልክ ስለሰጡኝ ሰዓት ከልብ አመሰግናለሁ። ወደቡ ላይ እንግዳ እየጠበቀዎት ሳይቸኩሉ ሁሉንም አስረድተውኛል። የጀልባ ማኅበራችሁ አሠራር አሁን በደንብ ገብቶኛል ብዬ አምናለሁ። የተረዳሁትን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ፤ ያልገባኝ ወይም የጎደለ ነገር ካለ እባክዎ ያርሙኝ።

ከሁሉ በላይ አጥብቀው የነገሩኝ የተራውን ጉዳይ ነው። በቴሌግራም የላኩልኝን የደብተር ገጽ ደጋግሜ አየሁት። አንዱ ጀልባ በአንድ ጠዋት ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ አንደኛው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ «በስልክ የተያዘ» ይላል። የጭቅጭቁ ምንጭ እዚያ ገጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሆቴሉ በቀጥታ ለአንዱ ባለጀልባ ይደውላል፣ ተራ አስከባሪው ሳይሰማ ይቀራል፣ ጠዋት ተራው የደረሰው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ የምንሠራው የምዝገባ ሲስተም ተራውን የሚያስከብር እንጂ የሚቀይር አይሆንም። አባላቱ የሚተዳደሩበት ደንብ እንዳለ ይቀጥላል። በስልክ የመጣውም ሆነ በእግሩ የመጣው እንግዳ አንድ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ዝርዝሩንም ማንኛውም አባል ማየት ይችላል።

ሁለተኛው የቀብድ ጉዳይ ነው። አሁን ቀብዱ በየአባሉ የግል ቴሌብር እየገባ ስለሆነ ሒሳብ ሹሟ ወር ሲያልቅ ማስታረቅ ይከብዳታል። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም ገብቶ ለእንግዳውም ለባለጀልባውም ማረጋገጫ መልእክት እንዲደርስ ይፈልጋሉ።

ስለ ጉዞዎቹ የነገሩኝንም ይዣለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ወደ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ የሚሄድ እንግዳ ጠዋት ብቻ ይመዘገባል። ለዘጌ ግን ሰዓቱ ሰፋ ይላል። ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡ እንግዳው ከመክፈሉ በፊት ማወቅ አለበት። የገዳማቱ መግቢያ ክፍያም ለብቻው እዚያው እንደሚከፈል በመልእክቱ ላይ ይጻፋል። እነዚህ ትንሽ ይመስላሉ፤ ግን እንግዳ ደጃፍ ላይ ደርሶ ሲቆጣ ስድቡን የሚቀበለው ባለጀልባው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲስተሙ ውስጥ ይካተታሉ።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው አባቶች ተራቸው ሲደርስ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላካል። ኔትወርክ በሚጠፋበት ጊዜም ተራ አስከባሪው በስልኩ መመዝገቡን እንዲቀጥል አድርገን እንሠራዋለን። በውጭ ቋንቋ ድረ ገጽ ስለማሠራት ላነሱት ሐሳብ ግን ትንሽ ይቆይ እላለሁ። ተራውና ቀብዱ ሳይስተካከል ተጨማሪ እንግዳ መጥራት ጭቅጭቁን ያባብሰዋል። ገንዘባችሁን አሁን እዚያ ላይ እንድታወጡ አልመክርም።

ቀጥሎ የምንሠራውን እንዲህ ተስማምተናል። እርስዎ እስከ ዓርብ ኅዳር 5 የጥቅምትን ወር የደብተር ገጾች ፎቶ፣ የአባላቱን ዝርዝር ከየጀልባው የሰው ልክ ጋር እና አሁን የምትሠሩበትን ታሪፍ ይልኩልኛል። የአባላቱን ስልክ ቁጥር አሁን አይላኩ፤ ውል ሳንፈራረም አያስፈልገኝም። እኔ ደግሞ እስከ ሰኞ ኅዳር 8 የዋጋ ማቅረቢያውን በኢሜይል እልካለሁ። የሲስተሙ ዋጋና ወርሃዊ የመልእክት ወጪው ለየብቻ ይጻፋል፤ ሊቀመንበሩ የጠየቁት ይህንኑ ስለሆነ።

ከዚያ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ወደቡ አጠገብ ባለው ቢሯችሁ እንገናኛለን። በማግስቱ ሚካኤል ስለሆነ ብዙ አባላት እንደማይገኙ ነግረውኛል፤ ሐሙስን የመረጥነው ለዚያ ነው። ሊቀመንበሩ፣ ሒሳብ ሹሟና ተራ አስከባሪው ቢኖሩ ደስ ይለኛል። በተለይ ተራ አስከባሪው አይቅር። ስልኩን በእጁ ይዞ የራሱን የጥቅምት ገጾች ሲመዘግብበት ማየት እፈልጋለሁ፤ ለእሱ ካልቀለለው ለማንም አይቀልም።

ኮሚቴው ከተስማማ በታኅሣሥ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት በዘጌ መስመር ብቻ እንሞክረዋለን። በሙከራው ጊዜ ደብተሩም ጎን ለጎን ይቀጥላል። ገናና ጥምቀት ሲደርሱ እንግዳ ስለሚበዛ እስከዚያ ሁሉም መስመር ላይ እንዲሠራ ነው ሐሳቤ።

ሐሙስ የማይመች ከሆነ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቢደውሉልኝ ሌላ ቀን እንይዛለን። ሊቀመንበሩንም ሰላም ይበሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ሄኖክ
ባሕር ዳር፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.