ለሄሉዬ፣ ወደ ሥራ ስትመለሺ

ሄሉዬ፣

እንዴት ነሽ? ናሆምዬስ ሌሊት ያስተኛሽ ጀመር?

ትናንት በስልክ «የምለብሰው ጠፋኝ» ስትይኝ አንጀቴን በላሽው። እስከ ሰኞ ጊዜ አለን፤ አይዞሽ።

መጀመሪያ ያንን የድሮ ጂንስ ከዓይንሽ አርቂው። ጠዋት ጠዋት እየሞከርሽው አትበሳጪ። ሕጉ የሚሰጥሽ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30ው ደግሞ ከመውለድሽ በፊት ያለቀ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ የሰፋ ሰውነት በ90 ቀን ይመለስ ማለት በራስሽ ላይ ግፍ ነው። የምናለብሰው የዛሬዋን ሄሉን ነው።

እያጠባሽ ስለሆነ ሸሚዝሽ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ይሁን። አንድ ቁጥር ጨምረሽ ግዢ፤ ደረት ላይ በቁልፎቹ መሃል ክፍት የሚል ሸሚዝ ስብሰባ ላይ ያሳቅቃል። ቀለም ላይ ተጠንቀቂ። ግራጫና ሐር መሳይ ጨርቅ ላይ ወተት ጠብ ካለ ከሩቅ ይታያል። አበባ አበባ ያለበት ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ግን ይሸፍንልሻል። አንድ መቀየሪያ ሸሚዝ ቢሮ መሳቢያሽ ውስጥ ይቀመጥ፤ ይህን እንዳትረሺ።

የአዳማን ሙቀትና ነፋስ አልነግርሽም። ክሎሹን ለጊዜው ተይው። ቦርሳና የወተት ዕቃ ይዘሽ ከባጃጅ ስትወርጂ ቀሚስ የምትይዢበት እጅ የለሽም። ቀጥ ያለ፣ ከጉልበት ያለፈ ጉርድ ይሻልሻል።

አሁን ዋናው ነገር። ከመግዛትሽ በፊት ልብስ ሰፊ ጋር ሂጂ። ሁለቱን የቢሮ ሱሪዎችሽን ጎናቸውን ያስፋልሽ፤ ወገባቸው ላይ ደግሞ ከኋላ በኩል ብቻ ላስቲክ ያስገባበት። ከፊት ሲያዩት ያው የቢሮ ሱሪ ነው፤ ስትቀመጪ ግን አይቆርጥሽም። ኋላውን ኮት ይሸፍነዋል። አርብ አርብ የምትለብሺው የሀበሻ ቀሚስ ዚፑ ከኋላ ነው አይደል? ወደ ፊት ያዛውርልሽ። ጥለቱ ሥር ይደበቃል፣ ምሳ ሰዓት ናሆምን ለማጥባትም ቀሚሱን ማውለቅ አይጠበቅብሽም።

ብዙ አትግዢ፣ እባክሽ። ጡት እስክታስጥዪ ሰውነትሽ ገና ይለዋወጣል። ገንዘብሽን አንድ ጥሩ ኮት ላይ አውዪው። ቦንዳ ተራ ከአዲሱ የሚበልጥ ኮት አይጠፋም፤ ገልብጠሽ ስፌቱንና ገበሩን እዪ። ትከሻው ልክሽ ከሆነ ሌላው ይስተካከላል፤ ትከሻው ካልሆነ ግን ተይው፣ ማንም አያስተካክልልሽም። ጫማም ለኪ፤ በእርግዝና እግር ሊሰፋ ይችላል። የድሮው ከጠበበሽ አትታገዪው።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። እኔ ናሆምን ስይዝልሽ አንቺ ትለኪያለሽ። ሱሪዎቹን ግን ሐሙስ ለሰፊው ስጪው፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሥራ ይበዛበታል።

የአንቺው ሜሪ