ከደቻቱ አሸዋ የተመታችው ኳስ፦ የፎቶው ጥያቄ ከነአሠራሩ

«ቲቸር እንዴት አመሸህ? ፎቶው ላይ ያለውን ጥያቄ ሠርቼዋለሁ። ሬንጁ 60 ሜትር መጣልኝ፣ ከመልሱ ጋር ይገጥማል። ከፍታው ግን 20 ሜትር ይለኛል፣ መልሱ ላይ ያለው 11.25 ነው። አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው እንዴት ይሳሳታል? ነገ ቴስት አለን።»

እንዴት አመሸሽ። ፎቶሽ ደርሶኛል። የእጅሽ ጥላ ታችኛውን ጥግ ቢሸፍነውም ይነበባል። መጀመሪያ ጥያቄውን በጽሑፍ ልገልብጠው፦

አንድ ልጅ ከድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ኳስ በ25 m/s መነሻ ፍጥነት፣ በስዕሉ በሚታየው አቅጣጫ መታ። ኳሷ የተነሳችበት ደረጃ ላይ ተመልሳ አረፈች። የፍጥነቱን አግድምና ሽቅብ ኮምፖነንቶች፣ ሬንጁንና ከፍተኛውን ከፍታ ፈልጉ። g = 10 m/s²፣ sin 37° = 0.6፣ cos 37° = 0.8። የአየር ግጭት የለም።

አሁን ፎቶውን አጉልተሽ መነሻ ነጥቡን እዪው። ከነጥቡ ሁለት የተቆራረጡ መስመሮች ይወጣሉ፤ አንዱ መሬት ለመሬት፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። በመካከላቸው የv₀ ቀስት አለ። 53° የተጻፈባት ትንሽ ቅስት የምታያይዘው ቀስቱን ከየትኛው ጋር ነው? ከላይኛው ጋር። ማለትም አንግሉ የተለካው ከቋሚው መስመር ነው። አንቺ ግን ከመሬት እንደተለካ አድርገሽ ወስደሽዋል። ቀስቱ ራሱ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ቀና ብሎ ስለተሳለ አልፈርድብሽም፤ በእጅ የተሳለ ስዕል ላይ ግን ቅስቷን እንጂ የቀስቱን ማዘንበል አትመኚ።

ከአግድሙ ጋር ያለው አንግል፦

θ = 90° − 53° = 37°

ኮምፖነንት ስናወጣ v₀ የ90° ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ሃይፖተኑስ ነው። θን የሚነካው ጎን ኮሳይን ይወስዳል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሳይን።

vₓ = v₀ cos θ = 25 × 0.8 = 20 m/s
vᵧ = v₀ sin θ = 25 × 0.6 = 15 m/s

«ለx ሁልጊዜ ኮሳይን» ብለሽ በቃልሽ ከያዝሽው አንግሉ ከቋሚው ሲለካ ይገለበጥብሻል። 53ን ራሱን መጠቀም ከፈለግሽ vₓ = 25 sin 53° ነው፤ ያው 20 ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን እንቅስቃሴ ለያይተሽ ያዢ። አግድም የሚገፋም የሚጎትትም የለም፣ 20 m/s እስከ መጨረሻው 20 ነው። ሽቅብ ያለው 15 m/s ግን በየሰከንዱ 10 ይቀንሳል። ጫፍ ላይ ዜሮ ይሆናል፦

0 = 15 − 10t → t = 1.5 s

መውጫና መውረጃው እኩል ስለሆነ ጠቅላላ ጊዜው T = 3 s። (ይህ የሚሠራው መነሻና ማረፊያ ደረጃቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ከፎቅ ላይ ብትወረወር አይሠራም።)

R = vₓT = 20 × 3 = 60 m
H = vᵧ²/2g = 225/20 = 11.25 m

ጫፍ ላይ ኳሷ የቆመች እንዳይመስልሽ። ዜሮ የሆነው ሽቅቡ ብቻ ነው፤ በ20 m/s ወደፊት እየሄደች ነው። ይቺን አስተማሪዎች ለምርጫ ጥያቄ ይወዷታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያንቺ vₓ 15፣ vᵧ ደግሞ 20 ነበር፣ ጊዜሽም 4 ሰከንድ። ሬንጁን በአንድ መስመር ብንጽፈው፦

R = 2vₓvᵧ/g

ሁለቱ ተባዝተው ነው የሚገቡት፤ 20 × 15ም 15 × 20ም 300 ነው። ስለዚህ ብትቀያይሪያቸውም ሬንጁ ንቅንቅ አይልም፣ 60 ይመጣል። ድምራቸው 90° የሆኑ ማናቸውም ሁለት አንግሎች፣ በአንድ ፍጥነት፣ እኩል ርቀት ያደርሳሉ። ከፍታው ውስጥ ግን የሚገባው vᵧ ብቻ ነው፣ እሱም በስኩዌር። 20² / 20 = 20 m ያገኘሽው ለዚህ ነው። አቦ፣ ሬንጁ ገጠመ ብለሽ ብትተዪው ኖሮ ስህተቱን ማንም አይነግርሽም ነበር።

ሜዳ ላይ በእውነት ብትመቺያት አየሩ ስለሚይዛት 60 ሜትር አትደርስም። ፈተናው ላይ ግን «የአየር ግጭት የለም» ካለ የለም።

ከመተኛትሽ በፊት ይቺን ሞክሪ፦ ያቺው ኳስ ከመነሻዋ 56 ሜትር ላይ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ቢገጥማት ታልፈዋለች? ጊዜውን ከvₓ አውጪና ከፍታውን y = vᵧt − ½gt² ውስጥ ፈልጊው። ሥራሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ በዚህ ጊዜ ጥላ ሳይጥልበት።