የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ክለሳ፦ በአንድ ስላይድ አንድ ቀመር

ስላይድ 1
ወረቀትና እርሳስ ያዙ። መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ምሳሌውን መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩት።

ስላይድ 2፦ የፍጥነት መለኪያ
ኪሎ ሜትር በሰዓትን ለ3.6 ስታካፍሉት ሜትር በሰከንድ ይሆናል።
ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ፦ 54 ÷ 3.6 = 15 ሜትር በሰከንድ።

ስላይድ 3፦ v² = u² + 2as
ያው ሚኒባስ ፍሬን ያዘ፤ a = −5 ነው። ስንት ሜትር ሄዶ ይቆማል?
0 = 15² − 10s
s = 22.5 ሜትር
የመቀነስ ምልክቱን ከረሳችሁ ርቀቱ ኔጌቲቭ ይወጣል። 54ን ሳትቀይሩ ካስገባችሁ ደግሞ መልሱ 13 እጥፍ ገደማ ይተልቃል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስስ? የሚቆምበት ርቀት ሩብ ይሆናል እንጂ ግማሽ አይሆንም፤ ፍጥነቱ ስኩዌር ነዋ።

ስላይድ 4፦ F = ma
F ማለት ኔት ፎርስ ነው። 20 ኪሎ ግራም ሣጥን በ70 ኒውተን ይጎተታል፣ ፍሪክሽኑ 30 ኒውተን ነው።
a = (70 − 30) ÷ 20 = 2
3.5 ካገኛችሁ ፍሪክሽኑን ዘላችሁታል።

ስላይድ 5፦ W = Fd cosθ
ሻንጣ ተሸክሞ በሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ ሰው፣ ሻንጣውን ወደ ላይ የያዘበት ፎርስ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ቢያልበውም! cos 90° = 0።

ስላይድ 6፦ P = V²/R
እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ነው።
በ220 ቮልት 3,300 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ አለ። ማታ መብራት ተዳክሞ ቮልቴጁ 180 ቢሆን ኃይሉ ስንት ይሆናል?
መጀመሪያ የማይለወጠውን ፈልጉ፤ እሱም R ነው።
R = 220² ÷ 3300 ≈ 14.7 ኦም
P = 180² ÷ 14.7 ≈ 2,200 ዋት
ከኃይሉ ሲሶው ጠፋ፤ እንጀራው ዓይን አላወጣ የሚለው ለዚህ ነው። ስህተቱ 3300ን ለ180 አካፍሎ ከረንቱ ወደ 18 አምፔር ጨመረ ማለት ነው። 3,300 ዋት የሚሠራው በ220 ቮልት ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ከረንት ከ15 ወደ 12 አምፔር ገደማ ወርዷል።

ስላይድ 7፦ ፓራለል ሬዚስተር
1/R = 1/6 + 1/3 = 1/2
መልሱ 2 ኦም ነው፤ መገልበጥ አትርሱ። ከትንሹ ሬዚስተር ከበለጠባችሁ ተሳስታችኋል።

ስላይድ 8፦ የመፍያ ነጥብ
ውሃ የሚፈላው የትነት ግፊቱ ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃ 100 ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም ውሃው ከዚያ በላይ ስለማይግል ነው። እሳት ብትጨምሩ ትነቱ እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

ስላይድ 9፦ ራሳችሁን ፈትኑ
የስላይድ 6 ምጣድ 2 ሰዓት ቢሠራ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል? በ220 ቮልትና በ180 ቮልት ለየብቻ ሥሩት።
መልስ፦ 6.6 እና 4.4 ገደማ። 6,600 ያላችሁ ዋቱን ለ1,000 አላካፈላችሁም።