ባሕር ዛፍ፦ ለእናትህ የጻፍከው ግጥም ሲላላ

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ?

ግጥሙንም በድምፅ የላክልኝን ዜማም አግኝቻለሁ። ዜማህን ወደድኩት። ትዝታ ቅኝት ለዚህ ነገር ልክ ነው፤ ቀስ ይላል፣ ትንፋሽ ይሰጣል። ግጥሙን ግን ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ስምንቱን ስንኝ እንደ ላክልኝ እዚህ ልገልብጠው፣ አብረን እንድናየው።

የፍቅር ምንጭ ነሽ የርኅራኄ እናት፣
የትዕግሥት መዝገብ የደግነት ሕይወት፣
የተስፋ ብርሃን የመኖር ምክንያት፣
የመስዋዕት አርማ የፅናት ምልክት፣
በጨለማ ዘመን የሆንሽኝ ድምቀት፣
ዘላለም ይከበር ያንቺ እናትነት፣
የማይለካ ውለታ የማይጠፋ ክብረት፣
ይድረስሽ ምስጋና የልቤ እውነት።

አንድም ቦታ ቤት አልሳተም። ችግሩም የጀመረው እዚያ ይመስለኛል። አማርኛ ለ«ት» በጣም ቸር ነው። ደግ ላይ «ነት» ስትጨምር ደግነት ይሆናል፣ እናት ላይ ስትጨምር እናትነት። ፅናት፣ ክብረት፣ ድምቀት፣ ምክንያት ሁሉም ተሰልፈው በሩ ላይ ይጠብቁሃል። አንዴ «ት» ብለህ ከጀመርክ ቤቱ ራሱ ቃሉን ይጎትትልሃል፤ የሚጎትተው ደግሞ የማይዳሰሱትን ነው። እንጨት፣ ኩበት፣ ምጣድ፣ ገመድ አንዳቸውም ሳይገቡ ግጥሙ አለቀ።

አንድ ነገር ሞክሬ ነበር። ግጥምህን ጮክ ብዬ እያነበብኩ የራሴን እናት አሰብኩ። ገጠመ። አክስቴን አሰብኩ፣ እሷም ገጠመች። ያንተ እናት ግን እንደ ማንም እናት አይደሉም። ባለፈው ቡና ስንጠጣ ስለእሳቸው ያወራኸኝን እኔ እስካሁን አልረሳሁትም። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው እየወረዱ ነው ያሳደጉህ። ቆሎውን አወራኸኝ። የጫማውን ክር አወራኸኝ። የጫማው ላይ ስትደርስ ድምፅህ ተቆረጠና ስኒውን አንስተህ ጠጣህ፤ ስኒው ባዶ ነበር። ግጥሙ ያን ጊዜ ነበር የተጻፈው። ቤት ገብተህ ወረቀት ስታነሳ ግን ያን ሁሉ ትተህ «የመስዋዕት አርማ» አልክ።

ስለዚህ ያወራኸኝን መልሼ ጻፍኩልህ። ከራሴ የጨመርኩት ትንሽ ነው። ቤት የመታሁት ቃሉ በራሱ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ሳይመጣ ሲቀር አላስገደድኩትም። አንተ ግን ዘፋኝ ስለሆንክ ጮክ ብለህ አንብበው፣ በዓይንህ ብቻ አትፍረድበት።

ባሕር ዛፍ

ዶሮ ሳይጮህ ትነሺ ነበር፣
መብራት አታበሪም፣ እንዳንነቃ።
ገመዱን ወገብሽ ላይ ጠምጥመሽ
በሩን በጣትሽ ጫፍ ትመልሺዋለሽ።
እኔ ግን ነቅቼ ነበር፣ እማ፣
ኮቴሽ ጠጠሩ ላይ እስኪጠፋ ስሰማ።

(አዝማች)
ባሕር አላየሽም፣
ባሕር ዛፍ ተሸክመሽ ወረድሽ እንጂ።
ቅጠሉ ከጀርባሽ ይንሿሿል፣
ከሩቅ ሲሰሙት ውሃ ይመስላል።
እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ፣
ቁልቁለቱ ያዳልጣል።

ከሰዓት ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።
መጀመሪያ እንጨቱ ይታያል፣
ቀጥሎ እግርሽ፣
ፊትሽ መጨረሻ ነው፣ ሸክሙ ደፍቶሻል።
አጠገቤ ስትደርሺ አትናገሪም፣
ትንፋሽሽ ለቃል አይተርፍም።
የነጠላሽን ጫፍ ትፈቺልኛለሽ።
እዚያ ውስጥ ቆሎ አለ፣
ሞቅ ያለ፣
የላብሽ ጨው የነካው።

(አዝማች)

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ
ጎንበስ ብለሽ መጣሽ በሽሮ ሜዳ አስፋልት።
ቀና ብለሽ አየሽኝ።
«አንተን ነው የምታየው» አሉኝ ልጆቹ፣ «ማናት?»
የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።
ክሩ የታሰረ ነበር።
ፈትቼ አሰርኩት፣
ፈትቼ አሰርኩት፣
እስክታልፊ።

(እዚህ አዝማች የለም፤ ክራር ብቻ)

ማታ እንደ ወትሮው እግርሽን አጠብኩሽ።
ውሃው ጠቆረ፣
ቤቱ ቅጠል ቅጠል ሸተተ።
«ጫማህ ጠበበህ እንዴ?» አልሽኝ።
ሌላ ምንም አላልሽም።
ቅዳሜ ገበያ ወጣሽና
ባንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ይዘሽልኝ መጣሽ።

ባሕር አላየሽም፣
ባሕር ዛፍ ተሸክመሽ ወረድሽ እንጂ።
ዛሬ መንገዱ መሀል ቆሜያለሁ፣
ልጆቹ ሁሉ ይዩኝ።
ገመዱን ወዲህ በይ፣ እማዬ፣
ቀስ ብለሽ ውረጂ።

አሁን ስለ አንዳንዱ ነገር ላጫውትህ።

አዝማቹ ከስሙ ነው የመጣው። ባሕር ዛፍ የተባለው ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። እናትህ ባሕር አይተው አያውቁም ብለኸኝ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን ባሕር የሚለውን ስም በጀርባቸው ተሸክመው ወርደዋል። ይሄን ሳስብ ሰምና ወርቅ መፈለግ አላስፈለገኝም፣ ቃሉ ራሱ ይዞት ነበር። ቅጠሉ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ድምፅ የውሃ እንደሚመስልም ነግረኸኛል። «ከቤት ሆኜ ስሰማው ዝናብ መጣ እል ነበር» ነው ያልከኝ። ዝናቡን ወደ ውሃ የቀየርኩት ባሕሩ እንዲሰማ ብዬ ነው። ካልተመቸህ ወደ ዝናብ መልሰው።

«የትዕግሥት መዝገብ» የሚለውን ልተካ ስሞክር መጀመሪያ የጻፍኩት ገመዱ ደረታቸው ላይ ስለተወው ሠንበር ነበር። አወጣሁት። ሠንበሩን አንተ አላየኸውም፣ እኔ ነኝ የገመትኩት። ያላየኸውን ከዘፈንክ ድምፅህ ያስታውቅብሃል። ቆሎውን ግን በልተኸዋል። ስለዚህ ቆሎው ገባ።

የሽሮ ሜዳውን አንጓ ሳነበው አሁንም ደረቴን ይይዘኛል። አስተውለህ ከሆነ፣ በዘፈኑ ውስጥ «ት» በደንብ ቤት የሚመታው እዚያ ብቻ ነው፦ አስፋልት፣ ማናት። ሁለቱም ተራ ቃላት ናቸው፤ አንዱ መንገድ ነው፣ ሌላው የልጅ ጥያቄ። እንዲገጥሙ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። «ማናት» ሲባል የሰሚው ጆሮ «እናት» የሚለውን ይጠብቃል። ያንተ ግጥም መጀመሪያ ቤት የመታበት ቃል ነዋ። እዚህ ግን ቃሉ አይመጣም። አንተም ያን ቀን አላልከውም። ስለዚህ «ማናት?» ካልክ በኋላ ቶሎ አትቀጥል። አንድ ሙሉ ዙር ዝም በል፣ ክራሩ ይሂድ።

ከዚያ በኋላ ያለውን «ፈትቼ አሰርኩት» ሁለት ጊዜ ብቻ በለው። አቀናባሪህ አራት ጊዜ ይደገም ሊልህ ይችላል፣ ምክንያቱም ለጆሮ ይጥማል። እሺ አትበለው። አራት ጊዜ ከሆነ ሰው አብሮህ ማጨብጨብ ይጀምራል፣ እዚያ ቦታ ላይ ጭብጨባ አልፈልግም።

ሌላም ነገር ሊያነሳ ይችላል፤ ስንኞቹ እኩል አይደሉም ይልሃል። እውነቱን ነው። ያንተ ስንኞች ሁሉ መሀላቸው ላይ እኩል ተቆርጠዋል፤ እነዚህ አንዱ ረጅም፣ አንዱ «ቀጥሎ እግርሽ» ብቻ ነው። ዜማህን እየሰማሁ ሞክሬዋለሁ። አጭሩ ላይ የመጨረሻውን ድምፅ ሳብ ካደረግከው ይሞላል። «እግርሽ» ላይ ካልተመቸህ «እ» ላይ ሳበው። ረጅሙን ደግሞ እንደ ንግግር ቶሎ ቶሎ በለው፣ ማሲንቆ ይዘው ተረት የሚያወሩ ሰዎች እንደሚያደርጉት። አንተ ድምፁ አለህ፣ አይከብድህም።

ሽሮ ሜዳ የሚለውን የቦታ ስም እንዳታወጣው። እንጦጦን ዛሬ ብዙ ወጣት የሚያውቀው በፓርኩ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሰው ወደዚያ የሚወጣው ሊዝናና ነው። ደስ ይላል፣ እኔም ልጆቼን ወስጃለሁ። ግን በዚያው ቁልቁለት ሴቶች ከቁመታቸው የረዘመ ሸክም ይዘው ይወርዱ ነበር፣ አሁንም የሚወርዱ አሉ። በዘፈኑ ውስጥ እንጦጦ የሚለው ስም የለም፤ ባሕር ዛፉና ሽሮ ሜዳ ሲገናኙ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ይገባዋል ብዬ ነው። ለክፍለ ሀገር ሰው ግልጽ ይሁን ካልክ አዝማቹ ላይ «ወረድሽ» የሚለውን «ከእንጦጦ ወረድሽ» አድርገው፤ ዜማው ይችለዋል።

ካንተ ግጥም ያተረፍኩት አንድ ቃል ነው፣ «እናት»። እሱም ቢሆን በዘፈኑ ውስጥ ሳይነገር ቀርቷል፣ እማዬ ሆኖ ነው የገባው። ቤታችሁ ውስጥ «እናቴ ሆይ» ብለህ ጠርተሃቸው አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ይከብደኛል፣ እሱንም ልንገርህ። የጫማው ክር ነገር እናትህ ያወቁት ይሁን አይሁን አላውቅም። አንተም «እስካሁን አንስተነው አናውቅም» ነው ያልከኝ። ያን ቅዳሜ ሰፊ ጫማ የገዙልህ እውነት ጠቦህ መስሏቸው ይሁን፣ ወይ ሁሉን አይተው ሊያሳልፉልህ ፈልገው፣ እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ይህን ዘፈን መጀመሪያ ከሬዲዮ እንዲሰሙት አልፈልግም።

ስቱዲዮ የምትገባው ሐሙስ ነው ብለኸኛል። እሑድ እሳቸው ጋ ሂድ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ያለ ክራር፣ ያለ ምንም፣ ዝም ብለህ አንብብላቸው። የጫማውን ክር የያዘውን ሦስተኛውን አንጓ ይውጣ ካሉህ አውጣው፤ የጫማውን ግዢ የያዘውም አብሮ ይወጣል፣ ሌላ እንጽፋለን። ይቆይ ካሉህ ሰኞ ጠዋት ደውልልኝ።