ጋራንቲው ሳያልቅ ባትሪው ስላለቀ ኤርበድ የቀረበ አቤቱታ

ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጫጫ፣ ሰሜን ሸዋ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ለሚገኘው የሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለቤት

ጉዳዩ፦ በ6 ወር ጋራንቲ የተሸጠልኝ ኤርበድ በ2 ወሩ ስለሞተ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ። እርስዎን በአካል አላገኘሁዎትም። ሁለቴም የተነጋገርኩት ሱቁ ውስጥ ከሚሠራው ወጣት ጋር ነው። ትሁት ልጅ ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን የሚወስነው እሱ ስላልሆነ ነገሩን ለእርስዎ በጽሑፍ ማቅረብ ይሻላል ብዬ ነው።

ኤርበዱን የገዛሁት ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዋጋው 3,200 ብር፤ የከፈልኩት በሞባይል ባንኪንግ ነው። ደረሰኙ ላይ ልጁ በእጁ «6 ወር ጋራንቲ» ብሎ ጽፎ የሱቁን ማኅተም አድርጎበታል። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ዋናው እኔ ጋር አለ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ በጣም ወድጄው ነበር። ካርቶኑ ላይ 6 ሰዓት ይሠራል ይላል። እኔ ስጠቀምበት ወደ 5 ሰዓት ይቆይልኝ ነበር፤ ካርቶን ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚያጋንን አልከፋኝም። የምኖረው ጫጫ፣ የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። ጠዋትና ማታ ሚኒባስ ውስጥ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዜናም ትምህርትም እሰማለሁ። በሳምንት ሁለቴ ቻርጅ ካደረግኩት ይበቃኝ ነበር።

ታኅሣሥ 20 ግን ገና ጫጫን እንደለቀቅን የግራው «ባትሪ ሎው» አለኝና ዝም አለ። ማታውን ሙሉ ኬዙ ውስጥ ቻርጅ ላይ ያደረ ነው። ቀኙ ትንሽ ቆይቶ ተከተለው። በማግስቱም ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰዓት እየያዝኩ መለካት ጀመርኩ። ስልኩ ላይ ሁለቱም 100 በመቶ ብለው፣ ድምፁን ግማሽ ላይ አድርጌ፣ የግራው 11 ደቂቃ፣ የቀኙ 38 ደቂቃ ሠሩ። ቁጥሩ ቀስ እያለ አይወርድም። ከ100 በአንዴ 60 ይገባና ወዲያው ይጠፋል። ደግሞ መልሼ ኬዙ ውስጥ ሳስገባው የግራው በ6 ደቂቃ ሞላሁ ይላል። በ6 ደቂቃ የሚሞላ ባትሪ ሞልቶ ሳይሆን የሚይዘው ስለሌለው ነው።

ጥፋቱ የኔ እንዳይሆን የምችለውን ሁሉ ሞክሬአለሁ። ሌላ ገመድ፣ ሌላ ቻርጀር፣ የባልደረባዬን ስልክ። ቻርጅ የሚቀበሉባቸውን ብረቶች በደረቅ ጥጥ ጠርጌአለሁ። ከስልኩ አጥፍቼ እንደ አዲስ አገናኝቼዋለሁ። ለውጥ የለም። አንድ ጥገና ቤትም አሳይቼ ነበር፤ ባለሙያው አገላብጦ አየውና «በሙጫ የተዘጋ ነው፣ ብከፍተው ጋራንቲሽ ይበላሻል፣ ወደ ገዛሽበት ውሰጂው» አለኝ። አልተከፈተም።

ታኅሣሥ 25 ይዤው ሱቃችሁ መጣሁ። ልጁ ኤርበዱን አየና ሳቅ ብሎ «እህቴ፣ ብርዱ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪ አይወድም» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ብርዱ አይካድም። ብርድ የባትሪን ጉልበት እንደሚቀንስም አውቃለሁ። ግን በብርድ የደከመ ባትሪ ሲሞቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የኔ ደግሞ የሚውለው ጆሮዬ ውስጥ፣ ከላዩ ሻርፕ ተጠምጥሞበት ነው። የሚያድረውም ቤት ውስጥ እንጂ ሜዳ ላይ አይደለም።

የሆነ ሆኖ አልተከራከርኩም። ለገና እህቴ ጋ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ይዤው ሄድኩ። ከጣርማ በር ወዲያ ያለውን ሙቀት ያውቁታል። ደብረ ሲናን አልፈን ገና ሳንደርስ ሹራቤን አውልቄ ነበር። በበዓሉ ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ እህቴ በር ላይ ተቀምጠን በካርቶን እያራገብን፣ እንደገና ለካሁት። የግራው 12 ደቂቃ። የቀኙ 40። የሮቢት ፀሐይ የጨመረልኝ አንድና ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ በስልክ ሰዓት ይዞልኛል፤ ስክሪኑንም ፎቶ አንስቼዋለሁ።

በነገራችን ላይ ብርድ የማይችል ዕቃ ከሆነ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ሲሸጥ ይህ አስቀድሞ ሊነገረኝ ይገባ ነበር።

ይህን ይዤ ጥር 2 ስደውል መልሱ ተቀየረ። አሁን ደግሞ «ባትሪ ጋራንቲ ውስጥ አይገባም» ተባልኩ። በዚህኛው ግን አልተስማማሁም። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጋራንቲ የሚያስቀሩ ነገሮች ታትመዋል፦ ውሃ የገባበት፣ ወድቆ የተሰበረ፣ በሌላ ሰው የተከፈተ። ባትሪ የሚል ቃል የለም። ስገዛም በቃል የነገረኝ የለም። ኤርበድ ደግሞ ባትሪው ካልሠራ ሌላው ነገሩ ለምን ይሆነኛል? አምፖል ሸጦ «መብራቱን አይጨምርም» እንደማለት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ኤርበዱ በተመሳሳይ አዲስ ይቀየርልኝ። ዕቃው ካለቀ ወይም ያው ዓይነት ችግር ያለበት ከሆነ 3,200 ብሬ ይመለስልኝ። በዋጋ የሚቀራረብ ሌላ ዓይነት ካላችሁም አይቼ ልወስድ እችላለሁ፤ በዚህ አልከብድም። «ይጠገንልሽ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ተሰንጥቆ ተከፍቶ በሙጫ የሚመለስ ዕቃ ጆሮዬ ውስጥ ማስገባት አልፈልግም። የቀየራችሁልኝ ዕቃም በደረሰኝ፣ ጋራንቲው ተጽፎበት እንዲሰጠኝ እፈልጋለሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መኖሩን እርስዎም ያውቃሉ። አንቀጽ እየጠቀስኩ ማስፈራራት አልፈለግሁም፤ በራሳችሁ እጅ የጻፋችሁልኝ ጋራንቲ ለእኔ በቂ ነው። ካልተግባባን ግን ይህንኑ ደብዳቤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ። እዚያ ሳንደርስ ቢያልቅ ለሁላችንም ይቀላል። እኔ ከዚህ ሱቅ የስልክ ከቨርም፣ ቻርጀርም፣ ለእናቴ ስልክም ገዝቼ አውቃለሁ። የእናቴ ስልክ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ቅዳሜ ጥር 16 ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ኤርበዱን ከነካርቶኑ፣ ከነገመዱና ከዋናው ደረሰኝ ጋር ይዤ እመጣለሁ። የጥምቀት ሰሞን ገበያ ስለሚበዛ ሆን ብዬ ከዚያ በኋላ አድርጌዋለሁ። በዕለቱ እርስዎ ሱቅ የማይኖሩ ከሆነ ለሚወስን ሰው ይንገሩልኝ፤ ወይም የሚመችዎትን ቀን በስልክ ያሳውቁኝ። ስልኬ ደረሰኙ ላይ ከስሜ ጎን አለ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ብትለኩትም ደስ ይለኛል፤ 11 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው።

ከአክብሮት ጋር
ሰላማዊት፣ መምህርት
ጫጫ

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂ (ፊትና ጀርባ)፣ የሞባይል ባንኪንግ ክፍያ ማረጋገጫ፣ ከሸዋ ሮቢት የተነሡ 2 የስክሪን ፎቶዎች