የገና ባዛር በደብረ ብርሃን፦ ከመጀመሪያው ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው ጥሪ

እሁድ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018

ቀኑን ያዙልን!

ቅዳሜ ታኅሣሥ 25 እና እሁድ ታኅሣሥ 26 ደብረ ብርሃን ላይ የገና ባዛር አለ። ቦታው ቀበሌ 04 ወጣት ማዕከል ግቢ ነው። መግቢያው በነፃ ነው።

ዘንድሮ ገና ረቡዕ ይውላል። የበዓል አስቤዛችሁን ቅዳሜና እሁድ ጨርሳችሁ ሰኞና ማክሰኞን ለቤት ሥራ ታውላላችሁ።

ባዛሩን ያሰብንበት ምክንያት አንድ ነው። የመንዝ ባና፣ የሚንጃር ጤፍ፣ የደብረ ሲና ቆሎ፣ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ስማቸው አገር ያወቀው ነው። የፈተለችው፣ ያረሰው፣ የቆላችው ግን አትታወቅም፣ አይታወቅም። ዕቃው ገዢው ጋ እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል። ገዢው ውድ ይከፍላል፣ የሠራው ሰው ትንሽ ያገኛል። ሁለቱን ቀን ግን የሠራው ራሱ ቆሞ ይሸጣል። ዋጋውን ይናገራል፣ አሠራሩንም ይነግራችኋል።

ዝርዝሩን በየሳምንቱ እዚሁ እናወጣለን። አዲስ አበባ ያላችሁ የሸዋ ልጆች፣ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከወዲሁ አስቡበት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ይህ ለሻጮች ነው።

ያዘጋጀነው 46 ቦታ ነው። የሁለት ቀን ኪራይ 500 ብር ነው። በእጃቸው ሠርተው ወይም ከማሳቸው አምጥተው ለሚሸጡ የገጠር ሰዎች ግን ቦታው በነፃ ነው። ጠረጴዛና ጥላ ከእኛ ነው። ሚዛን የሚያስፈልገው ሰው የራሱን ይዞ ይምጣ።

ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ዋጋችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ። ከሌላ ነጋዴ የገዛችሁትን "እኔ የሠራሁት ነው" ብላችሁ አትሽጡ። ምግብ የምታቀርቡ ደግሞ ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ እዚያው የሚበላው ሁሉ የጾም ይሁን።

ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌና ከሌላም ሩቅ ወረዳ የምትመጡ እናቶችና አባቶች አርብ ማታ ግቡ። ማደሪያ ቤተሰብ ጋ አመቻችተናል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ደጅ የሚያድር እንግዳ አይኖርም። ይህን የምታነቡ ልጆቻቸው እባካችሁ ደውላችሁ ንገሯቸው። ፌስቡክና ቴሌግራም እነሱ ጋ አይደርስም። ስማቸውን በኢንቦክስ ላኩልን፣ እኛ እንመዘግባቸዋለን። ምዝገባው ታኅሣሥ 15 ይዘጋል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ዛሬ ስለ ሱፍ እናውራ። ከባዛሩ ሁሉ አብዝተን የምንጓጓለት ይኼኛው ነው።

መንዝ ብርዱ ከባድ ነው። በጉም ለዚያ ብርድ የተፈጠረ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል። ከዚያ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል። ክሩ ሲጠራቀም ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ባናውም ዝተቱም የሚወጣው ከዚህ ድካም ነው። ቀለም አይነከርም። ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ቡናማው ከቡናማ በግ፣ ነጩ ከነጭ በግ ነው። አንድ ባና ላይ ጠቆር ቀላ ያለ መስመር ስታዩ ያ መስመር የተገኘው ከመንጋው ነው።

ደብረ ብርሃን ስሟ ከብርድ ልብስ ጋር ከተነሳ ቆይቷል። የፋብሪካውን ሁላችንም ለብሰን አድገናል፣ ክብር ይገባዋል። የእጁ ሥራ ግን እየቀነሰ ነው። ወጣቶቹ "ልፋቱ ገንዘብ አያወጣም" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ገዢ ሲገኝ፣ ተገቢውም ዋጋ ሲከፈል ደግሞ እንዝርቱን የምታነሳ ልጅ ትኖራለች።

እውነተኛ ሱፍ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ከጫፉ አንድ ክር ሳቡና በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ፕላስቲክ ያለበት ከሆነ ይቀልጥና ድብልብል ብሎ ይጠነክራል። ሻጮቻችን ይህን በፊታችሁ ለማሳየት ተስማምተዋል። ጠይቋቸው፣ አያፍሩባችሁም።

ቤት ስትወስዱት በሙቅ ውኃ አትጠቡት፣ ይሸበሸባል፣ ይጠባል። በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ፣ ሳትጠመዝዙ፣ ጥላ ላይ አስጡት። መጀመሪያ ላይ ሊኮሰኩስ ይችላል። ከሥሩ አንሶላ አድርጉበት።

አንድ ልመና አለን። ሽንኩርት ላይ ተከራከሩ፣ የገበያ ወግ ነው። ባና ላይ ግን ዋጋውን ከግማሽ በታች አትጥሩ። እዚያ የቆመችው እናት ለወራት የፈተለችውን ነው የምትሸጠው።

አርብ፣ ታኅሣሥ 17

ምን ይበላል? ምንስ ይሸመታል?

ሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላው ተጠጋግቷል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ደብረ ሲና ይደርሳል። ጥቂት ከሄደ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ይቀበለዋል። ብርድና ሙቀት የሚያበቅሉት ሁለቱም አንድ ግቢ ይገባሉ።

ከቆላው ሽንኩርት፣ ማሾና ፍራፍሬ ይመጣል። ለዶሮ ወጥ የሚሆነውን ቀይ ሽንኩርት በኬሻም በኪሎም ታገኛላችሁ። ከደብረ ሲና ቆሎ አለ። በመኪና መስኮት በጥድፊያ የምንገዛውን ያን ቆሎ አሁን ቆም ብላችሁ፣ መርጣችሁ፣ አስመዝናችሁ ትገዛላችሁ። ከሚንጃር ነጭ ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር ይገባል። ከደጋው ገብስ፣ በሶ፣ ባቄላና ነጭ ሽንኩርት አለ። ማር ከነሰፈፉም ተጣርቶም ይቀርባል።

እዚያው ለመብላት ስልጆ፣ አዚፋ፣ ሽሮ፣ ትኩስ አምባሻ፣ በሶ ጭብጦ አለ። ቡናው ቀኑን ሙሉ ይፈላል።

ስለ ቅቤ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። የመንዝ ቅቤ ይኖራል። ጾም ስለሆነ ቀምሶ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ የቅቤ ሻጭ ስሙንና ስልኩን ጽፎ ይሰጣችኋል። የገና ዕለት ቀምሳችሁ ካልጣማችሁ ደውላችሁ ታስመልሳላችሁ። ይህን የተስማሙ ሻጮች ብቻ ናቸው የተመዘገቡት።

በግና ዶሮ ግቢው ውስጥ አይሸጥም። ቦታው አይበቃም፣ ለሕፃናትም አይመችም። ለእሱ የተለመደው የከብት ገበያ አለ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ሦስት ቀን ቀረው። ለምትመጡ ሁሉ ጠቃሚ ነገሮች፦

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 11፡30 ነው። እሁድ ቅዳሴ ስላለ ከ4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ በጠዋት ተነሱ። የደብረ ብርሃን መኪና ከላምበረት መናኸሪያ ታገኛላችሁ። እዚህ መናኸሪያ ስትወርዱ ባጃጅ ያዙና "ቀበሌ 04 ወጣት ማዕከል" በሉ። በራሳችሁ መኪና ለምትመጡ ማቆሚያው ከግቢው ጀርባ ነው፣ ወጣቶች ይጠብቁላችኋል።

ጃኬት እንዳትረሱ። ታኅሣሥ ውስጥ ጠዋት ውርጩ ሣር ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ትሞቃለች፣ 10 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ንፋሱ ይጀምራል። ሕፃናት ይዛችሁ የምትመጡ በረፋዱ ብትመጡ ይሻላል።

ክፍያ በጥሬ ገንዘብ፣ በቴሌብርና በሞባይል ባንኪንግ ነው። ነገር ግን ከገጠር የሚመጡት አብዛኞቹ እናቶች የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ። ለእነሱ የ200 ብር መልስ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ዘንቢል ወይም ከረጢት ከቤት አምጡ። ፌስታል አናድልም።

አርብ፣ ታኅሣሥ 24፣ ማታ

እንኳን ለአባታችን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የልደት በዓል አደረሳችሁ! የቡልጋው ጻድቅ በረከታቸው ይድረሰን።

ከመሐል ሜዳ የተነሱት እንግዶቻችን ገብተዋል። እራት በልተው፣ እሳት ሞቀው ተኝተዋል። ባናው በጥቅል በጥቅል ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ተደርድሯል። የጤፉ ጭነትም ደርሷል። ሽንኩርቱ ንጋት ላይ ይገባል።

46ቱም ቦታ ተይዟል። ቦታ ያላገኛችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ስማችሁ ለሚቀጥለው ተመዝግቧል።

ነገ 3 ሰዓት በሩ ይከፈታል። እናታችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ አከራያችሁን ይዛችሁ ኑ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬ የመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን! ግቢው ሞልቶ ነበር የዋለው።

ነገ ለምትመጡ ያለውን እንንገራችሁ። ነጩ ባና አልቋል። ጥቁሩና ቡናማው አለ፣ የሕፃን መጠን ዝተትም ጥቂት ቀርቷል። ቆሎው ዛሬ በ9 ሰዓት አልቆ ነበር፤ ሌሊቱን ተቆልቶ ነገ ትኩሱ ይቀርባል። ጤፍ በበቂ አለ። ማር የሚፈልግ ግን ይፍጠን።

ሕፃናት ልጆች የጠፉባችሁ ወላጆች ተጨንቃችሁ ነበር፤ ሁሉም ተገኝተዋል። ነገ እንዳይደገም መግቢያው ላይ ስልካችሁን ወረቀት ላይ ጽፈን በልጁ ኪስ እንከታለን።

አንድ የቆዳ ቦርሳና የልጅ ሰማያዊ ሹራብ ተገኝቷል። ምልክቱን ተናግሮ መግቢያው ላይ መውሰድ ይቻላል።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 26፣ 8 ሰዓት ከሰዓት

የመጨረሻ ጥሪ!

ሦስት ሰዓት ነው የቀረው። 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ወደ መሐል ሜዳ የሚመለሱት እናቶች ነገ ማለዳ መኪና ስለሚይዙ አናስመሽም።

አሁን በዚህ ሰዓት ያለው፦ ጥቁር ባና ሰባት፣ ቡናማ አራት። ሽንኩርት በኬሻ አለ። ነጭ ሽንኩርት፣ በሶ፣ ምስርና ጤፍ አለ። ቅቤ ሁለት ሻጭ ጋ ቀርቷል። ማር አልቋል።

ያልተሸጠ ባና ተሸክሞ መመለስ ለእነዚህ እናቶች ከባድ ነው። ለመግዛት አስባችሁ "ነገ" ስትሉ የቆያችሁ አሁን ተነሱ። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ በኢንቦክስ ቀለሙን ጻፉልን፣ ገንዘቡን ለሻጯ በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩ፣ እስከ ማክሰኞ ማታ እናስቀምጥላችኋለን። ሻጯ ቴሌብር ከሌላት የልጇን ስልክ እንሰጣችኋለን።

ባጃጆች እስከ 11፡30 በሩ ላይ አሉ። ቡናው ገና አልተነሳም።